ርዕስ፦ ለስቶር ኃላፊ የሥራ ቦታ የቀረበ ማመልከቻ፤ ከመድኃኒት ስቶር ወደ ጋርመንት ስቶር

ለሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ፤

ሀያት ሰይድ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ላለው የልብስ ስፌት ፋብሪካችሁ ባወጣችሁት የጥሬ ዕቃና አክሰሰሪ ስቶር ኃላፊ የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር ነው የምጽፍልዎ። የተማርኩት ፋርማሲ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደሴ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ መድኃኒት ማደያ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ የመድኃኒት ስቶር ኃላፊ ነኝ።

ማስታወቂያው በጋርመንት ወይም በተመሳሳይ ዘርፍ ልምድ ይጠይቃል። ሲቪዬን ብቻ ያየ ሰው "ፋርማሲስት ጋርመንት ውስጥ ምን ልትሠራ ነው?" ቢል አልፈርድበትም። ስለዚህ ሲቪው ላይ በአንድ መስመር ያለፈው ሥራ በተግባር ምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ዕቃ ስንረከብ በሞዴል 19 ነው። ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። እያንዳንዱ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ አለው። በካርዱና በመደርደሪያው መካከል ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይታለፍም። ኮምፒውተር ላይ የምንጠቀመው ዳጉ የሚባለውን የመድኃኒት ክምችት ሶፍትዌር ነው፤ ለሪፖርት ደግሞ ኤክሴል። በእናንተ ዘንድ የቅጾቹ ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን ያው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ነው።

ይበልጥ የሚያገናኘን የባች ቁጥር ይመስለኛል። አንድ መድኃኒት ችግር ተገኝቶበት እንዲሰበሰብ ሲታዘዝ፣ የትኛው ባች ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ ወዲያው ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ስሙና መጠኑ አንድ ቢሆንም ሁለት ባች አንድ ላይ አልቀላቅልም። እህቴ እዚያው ኮምቦልቻ በሌላ ፋብሪካ ስፌት ላይን ላይ ትሠራለች። ከተለያየ የማቅለሚያ ሎት የመጡ የጨርቅ ጥቅሎች ስቶር ውስጥ ተቀላቅለው ወደ ቆረጣ ከሄዱ፣ የአንዱ ሸሚዝ እጅጌና ደረት ቀለሙ ሊለያይ እንደሚችል የነገረችኝ እሷ ናት። ጨርቅ እንደ መድኃኒት የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ባይታተምበትም ሎቱን ለይቶ መያዝ ግን የየዕለት ሥራዬ ነው።

የመርፌውም ነገር እንዲሁ ነው። ስፌት ላይን ላይ መርፌ ሲሰበር፣ ስብርባሪው ተሟልቶ ካልተመለሰ አዲስ አይሰጥም፤ ልብስ ውስጥ ከቀረ አደጋ ነውና። እኛ ዘንድ ሞርፊንና ፔቲዲን በሁለት ቁልፍ ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ባዶው አምፑል ከነመዝገቡ ካልተመለሰ ምትኩ አይወጣም። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢቸኩል ይህ አይቀየርም። የሌሊት ተረኛ ደግሞ ስቶር የሚከፍት ሰው እየጠበቀ እንዳይጉላላ፣ በየክፍሉ ተቆጥሮ የተፈረመበት የድንገተኛ ሣጥን አስቀመጥን። ጠዋት ጠዋት የጎደለው ታይቶ ይተካል። በሌሊት ሽፍት ለሚሠራ ላይንም መርፌና ክር በዚሁ መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ትዕዛዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም የምወደው የሥራዬ ክፍል ነው። በየሁለት ወሩ የፍጆታ ሪፖርት ሠርተን መድኃኒት እንጠይቃለን። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው። ሒሳቡ ቀላል ቢመስልም ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለው። ለምሳሌ አንድ መድኃኒት በ60 ቀን 400 ፓኮ ወጣ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 20 ቀን ስቶር ውስጥ ካልነበረ፣ ፍጆታው የ40 ቀን ነው። በቀን 10 ፓኮ ማለት ነው፤ ስለዚህ የ60 ቀን ፍላጎቱ 600 ነው። ይህን ሳያርም 400 የሚጠይቅ ሰው ያንኑ እጥረት መልሶ ያዝዘዋል። ዚፕ ወይም ሌብል አልቆ ላይን ሲቆምም የዚያን ጊዜ ፍጆታ በዚህ ዓይን መታየት አለበት። በተለይ ዕቃው በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ የመንገዱን ጊዜ ቀድሞ ሒሳብ ውስጥ ያላስገባ ትዕዛዝ አይደርስም።

በ2014 ጦርነት ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ወደ ሥራ ስንመለስ ስቶራችን ተዘርፎ ነበር። የተረፈው ካርቶን ወለል ላይ ተበትኗል፣ ካርዶቹ ጠፍተዋል። ከዜሮ ነው የጀመርነው። እያንዳንዱን መደርደሪያ ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲቆጥር አደረግሁ። ቁጥራቸው ካልገጠመ ሦስተኛ ሰው ይቆጥራል። ኢንሱሊንን የመሰሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለባቸው መድኃኒቶች መብራት ጠፍቶ ስለቆዩ፣ ሕመምተኛ እየጠበቃቸውም ቢሆን ለይተን በቃለ ጉባኤ እንዲወገዱ አደረግን። ከባድ ውሳኔ ነበር። አዲስ ካርድ ከፍተን፣ አዲስ መዝገብ አቋቁመን፣ ስቶሩን መልሰን አቆምነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው። ፋብሪካችሁ አዲስ ስቶር እያደራጀ መሆኑን ማስታወቂያው ላይ ሳነብ ለማመልከት የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

የማላውቀውንም አልደብቅም። ለአንድ ልብስ ስንት ሜትር ጨርቅና ክር እንደሚገባ ከናሙናው ማስላት ገና እማራለሁ። የጨርቅ ጥራት ምርመራና የጉምሩክ ሰነድ ላይም አልሠራሁም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቆረጣና ከፕላኒንግ ክፍል ሰዎች ጋር ተቀምጬ ለመማር ዝግጁ ነኝ፤ ዕድሜው ከእኔ ያነሰ ቢሆን እንኳ የሚያውቀውን መጠየቅ አያሳፍረኝም።

ፋርማሲን ጠልቼው አይደለም የምለቀው። ባለፉት ዓመታት ግን ልቤ ያለው ስቶሩ ውስጥ እንደሆነ ገብቶኛል። ዕቃው በቦታው ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲገጥም፣ የጠየቀ ሰው ሳይመላለስ ሲያገኝ እደሰታለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ከዚህ በላይ በዚህ ዘርፍ የማድግበት ቦታ ጠባብ ነው። እናንተ ዘንድ ሰፊ ነው።

ከተመረጥኩ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ እገባለሁ። ሐረጎን በየቀኑ ወጥቶ መውረድ ለስቶር ኃላፊ አይመችም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ቅርብ መሆን አለበት። ለመሥሪያ ቤቴ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት ይጠበቅብኛል። ደመወዙ በስምምነት መባሉንም ተቀብያለሁ።

ሲቪዬን፣ የዲግሪ ማስረጃዬንና የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን አያይዣለሁ። ከቃለ መጠይቅ በፊት በተግባር ልታዩኝ ከፈለጋችሁ፣ አንድ መደርደሪያ አክሰሰሪ ስጡኝና ቆጥሬ፣ ካርድ ከፍቼለት፣ ልዩነቱን በጽሑፍ ላሳያችሁ። ቅዳሜን ሙሉ ቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ መምጣት እችላለሁ። ስልኬ ሲቪው ላይ አለ።

ጊዜ ወስደው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሀያት ሰይድ
ደሴ