ማታ እንጀራ ያወፍራል? ላብስ ስብ ያቀልጣል?

ስፖርት ለመሥራትና ክብደት ለመቀነስ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው።

ጥያቄ፦ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እንጀራም ዳቦም አልቀምስም። ማታ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ተኝተውም ቢሆን ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አንጎልና ጉበት ይሠራሉ፤ ለዚህ ሁሉ ጉልበት ይቃጠላል። ስብ የሚከማቸው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የተበላው ከወጣው ጉልበት ሲበልጥ ነው። እንጀራው በየትኛው ሰዓት ተበላ የሚለው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ምሽት የሚከብደው በሌላ ምክንያት ነው። ቁርስ ያልበላ፣ ምሳውን በሻይና በሳምቡሳ ያለፈ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ረኃቡ ከልኩ አልፏል፤ ከእራቱ በኋላም ቴሌቪዥን ፊት ቆሎውና ብስኩቱ ይከተላል። ከእንጀራው ይልቅ ድስቱን ይመልከቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ለሽሮ ሽንኩርት ሲቁላላ ዘይቱ ከጠርሙሱ በቀጥታ ስለሚንቆረቆር ስንት ማንኪያ እንደገባ ማንም አይቆጥርም። «ሁለት ወር ጾሜ እንኳ አልቀነስኩም» ለሚሉኝ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የማነሳላቸው ይህንን ነው።

የስኳር ሕመም ኖሮብዎት ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ እራት አይዝለሉ። ሌሊት ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል።

ጥያቄ፦ እንጀራ ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ታዲያ ይህ ምንድን ነው?

መልስ፦ አብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል፤ አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ክምችቱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ እንደገና ሲበሉ ይመለሳል። ሲመለስ «ወፈርኩ» ብለው አይደንግጡ። አንድ ኪሎ ስብ ለማጣት ወደ 7,700 ካሎሪ መጉደል አለበት፤ ይህ የሦስት ቀን ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የምትጠጣው፣ ደም ያጣራል የሚባለው የዲቶክስ ሻይ በሳምንት ሆዷን አጎደለላት። እኔም ልጀምር?

መልስ፦ እባክዎ አይጀምሩ። ከመጠጣትዎ በፊት የማሸጊያውን ጀርባ ያንብቡ፤ በብዙዎቹ ላይ ሰና የሚባለው ቅጠል ተጽፏል። ሰና የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው፤ የሚሠራውም በትልቁ አንጀት ላይ ነው። ከምግብ የሚገኘው ጉልበት በአብዛኛው ቀደም ሲል በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ የሚወጣው ሰገራና ውኃ ነው፤ ስቡ ካለበት አይነቃነቅም። ደምን የማጣራቱን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን ይሠሩታል።

ተቅማጡ ሲደጋገም ፖታሲየም ይጎድላል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ደግሞ በከባድ ተቅማጥ ምክንያት እንክብሉ ላይሠራላት እንደሚችል ማወቅ አለባት። ከሁሉ የሚያስፈራኝ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት በልብና በደም ሥር ላይ በሚያደርሰው አደጋ ምክንያት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሻይ ጠጥተው ልብዎ በኃይል ከመታ ወይም እንቅልፍ ካጡ ያቁሙና ማሸጊያውን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ላስቲክ ለብሼ ስሮጥ አንድ ኪሎ ተኩል ይወርድልኛል። ስቡ በላብ እየወጣ አይደለም?

መልስ፦ ላብ ውኃና ጨው ነው። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ውኃ ሲጠጡ ኪሎው ይመለሳል፣ መመለስም አለበት። ስብ ሲቃጠል በአብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው፦ ከአሥር ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ የቀረው ውኃ ይሆናል። በቀዝቃዛ ማለዳ ብዙም ሳያልብዎት ያደረጉት ፈጣን የእግር ጉዞ በሳውና ተቀምጠው ካላቡት የበለጠ ስብ ያቃጥላል።

ላስቲኩ ላቡ እንዳይተን ስለሚያግድ ሰውነት መቀዝቀዝ ያቅተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለመቀነስ ራሳቸውን ሲያልቡ ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ የላስቲክ ልብስና ሳውና በኮሌጅ ትግል ታገዱ። እነዚያ ጠንካራ ወጣት ስፖርተኞች ነበሩ። ላስቲኩን ዛሬውኑ ያውልቁት።

ጥያቄ፦ ሆድ የሚያሠራ ስፖርት ብቻ ብሠራ ቦርጬ ይጠፋል?

መልስ፦ የሆድ ጡንቻዎ ይጠነክራል። ስብ ግን ከየት ቀድሞ እንደሚቀንስ እርስዎ አይመርጡም።

ጥያቄ፦ ሚዛኑ የሚያታልለኝ ከሆነ ለውጤን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በልብስ ሰፊ ሜትር። ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ፣ ትንፋሽዎን በቀስታ አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ወገብዎን በእምብርትዎ ዙሪያ ይለኩና ይጻፉት። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ቦታ ይድገሙት። ሚዛኑም ላይ ከወጡ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይሁን።