ከረጢቱ ላይ ስም የለም

እንደምን አመሻችሁ።

መጀመሪያ አመሰግናለሁ። ሰው ደም እንዲሰጥ ስለማስተባብር ለዚህ ሽልማት የመረጣችሁኝ፣ ከሥራ ወጥታችሁ በዚህ ዝናብ የመጣችሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ የማያችሁ የሰፈሬ እናቶች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ስም እየጠራሁ ላመሰግን አስቤ ነበር። ትናንት ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ ሞላ፣ አሁንም አላለቀም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ወረቀቱን አጠፍኩት። የደም ከረጢት ላይ የሰጪው ስም አይጻፍም። ቁጥር አለ፣ የደም ዓይነት አለ፣ የተቀዳበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለ። ስም ግን የለም። እኔን እዚህ ያደረሰኝ ያ ስም የሌለው ከረጢት ነውና ዛሬ ስለ እሱ ላውራ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ አራት ኪሎ ጀበና ቡና ነው የምሸጠው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ልጁ ደህና ነበር። የእሷ ደም ግን አልቆም አለ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ነርስ እየሮጠች ወጣችና፣ እዚህ ያለው ደም አልቋል፣ ከደም ባንክ እየጠየቅን ነው፣ የሚሰጥ ዘመድ ካላችሁ ጥሩ አለችኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ስልኬን አወጣሁ። ማን ጋ ልደውል? እጄ እየተንቀጠቀጠ ከስም ወደ ስም እወርዳለሁ። ራሴ በሕይወቴ ደም ሰጥቼ አላውቅም። የሰጠ ሰውም አላውቅም። በየቀኑ ስንት ደንበኛ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን፣ ስለ ኳስ እናወራለን፣ ስለ ደም ግን አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

ሌሊቱ ሳያልቅ ደሙ መጣ። ነርሷ ስትሰቅለው አጠገቧ ነበርኩ። ጥቁር ሊመስል ምንም ያልቀረው ቀይ ነው። ከረጢቱ ከቅዝቃዜው የተነሳ ላብ ላብ ብሎታል። ጠብ፣ ጠብ ሲል እየቆጠርኩ ነበር፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። የእህቴ ከንፈር ወረቀት መስሎ ነበር። ሁለተኛው ከረጢት ሲጋመስ ዓይኗን ገለጠችና "ውሃ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ "ውሃ" ብቻ። እኔ ለአንድ ቃል እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ ቀና ብዬ ከረጢቱ ላይ ስም ፈለግኩ። ማን ነው ይሄ ሰው? እግሩ ላይ ልውደቅ? እናቱን ልፈልግ? ስም የለም። ቁጥር ብቻ። እስከ ዛሬ አላውቀውም። ምናልባት ተማሪ ነው። ምናልባት የታክሲ ረዳት ነው። ምናልባት አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠሽ የምትሰሚኝ አንቺ ነሽ። ያ ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ እናቱ ደብተሩን እየሸፈነችለት ነው ያደገው። ይህንን ሰውዬው ወይም ሴትየዋ አያውቁም።

ሥራዬ እንዲህ ነው የተጀመረው። እህቴ ከተነሳች በኋላ ሄጄ ሰጠሁ። መርፌው ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ትንሽ ጋደም ትላለህ፣ ስትነሳ ለስላሳና ብስኩት ይሰጡሃል። በቃ ይኸው ነው። ወጥቼ ቡናዬን አፈላሁ። ደንበኞቼ ክንዴ ላይ ያለውን ፕላስተር አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ሰው ይዤ ሄድኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውን አንድ ጊዜ ማምጣት ከባድ አይደለም። አገራችን ሰው አለ። ዘመቻ ሲታወጅ፣ አደጋ ሲሰማ፣ ሰኔ 7 የደም ለጋሾች ቀን ሲከበር ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ከባዱ ሁለተኛው ጊዜ ነው። ደም ተቀድቶ አይከርምማ። ቀዩ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ቢቆይ ቢቆይ አምስት ሳምንት ገደማ ነው። ፕሌትሌት የሚባለው፣ የደም ካንሰር ያለባቸው ልጆች ደጋግመው የሚፈልጉት፣ አምስት ቀን ነው ዕድሜው። አምስት ቀን! ዛሬ ሰኞ የሰጠነው ከቅዳሜ አያልፍም። ስለዚህ በአንድ ቀን ሺህ ሰው ተሰልፎ ሰጥቶ ከዚያ ዓመቱን ዝም ቢል፣ በመሀል የምትወልደው ሴት ምን ትሁን? በመሀል መኪና የሚገጨው ልጅ ምን ይሁን?

ክረምት ደግሞ አለላችሁ። ደም ከሚሰጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። ሴቶች ግን በክረምትም ይወልዳሉ። እኔ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ እንቅልፍ የለኝም።

ለዚህ ነው ደብተሩን የጀመርኩት። ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። ሽፋኑ ላይ ቡና ፈሶበታል፣ ጠርዙ ተልጧል። ስልክ፣ የደም ዓይነት፣ የሰጡበት ቀን። አንድ ሰው ሲሰጥ ሦስት ወር እቆጥራለሁ፣ ሲሞላ እደውላለሁ። ሌላ የማውቀው ዘዴ የለኝም። "ጋሼ፣ ደህና አደሩ፣ ሦስት ወርዎ ሞልቷል።" አንዳንዱ ስልኬን ሲያይ ገና ሃሎ ሳይል "እየመጣሁ ነው" ይለኛል። አንዳንዱ ደክሞኛል ይላል፣ እሺ ብዬ በሳምንቱ እደውላለሁ። ደሙን ይሸጡታል ብሎ የሚቆጣኝም አለ። እሱንም አልጣላውም፣ ቡና ቀድቼ አስቀምጠውና የእህቴን ነገር እነግረዋለሁ።

አንድ ሰው ብቻ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም አይወድም። ቡናዬ አጠገብ ሊስትሮ ነው። አንድ ቀን የደም ባንክ መኪናው መጥቶ ስንሰለፍ ሳጥኑን እኔ ጋ አስቀምጦ ተሰለፈ። ዕድሜው 18 ሞልቷል፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 43 ኪሎ። ከ45 በታች አይሆንም አሉት። ማንንም ሳያይ ሳጥኑን አንስቶ ሄደ። እኔ ተከፍቶ ነው ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። ሦስት ወር አለፈ። መኪናው እንደገና መጣ። ከሁሉ በፊት ቆሞ አገኘሁት፣ "ዛሬ መዝኑኝ" ይላል። 46። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ አንድ ዳቦ ጨምሮ ሲበላ ነበር ለካ። የሚበላው ተርፎት አይደለም። ያችን ዳቦ ከዕለት ገቢው ቀንሶ ነው የገዛት። ጋደም ብሎ ደሙ ሲቀዳ ጣራ ጣራውን እያየ "ለማን ይሄዳል?" አለኝ። አይታወቅም አልኩት። "ይሁን" አለ። እስካሁን በየሦስት ወሩ ይሰጣል። ለእሱ ደውዬለት አላውቅም፣ እሱ ነው የሚያስታውሰኝ።

ይህ ሽልማት የእሱ ነው ስል ለአፌ ያህል አይደለም።

የፒያሳ ልጆች ነገርም ሳልናገር አልወርድም። ሰፈሩ ሲነሳ ጎረቤት ጎረቤቱን አጣ። አንዱ ወዲህ ሄደ፣ አንዱ ወዲያ ሄደ፣ ዕድሩም ተበተነ። እኔም ደብተሬን ገልጬ ከእነዚህ ቁጥሮች ግማሹ እንግዲህ ጠፋ ብዬ አዘንኩ። ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው ማን ይመጣል? መጡ። ሲመጡ ደግሞ ለብቻቸው አይደለም፣ አዲሱን ጎረቤት ይዘው ነው። አንዲት እናት፣ እሳቸው ዕድሜያቸው አልፏል መስጠት አይችሉም፣ ሁለት ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ ይዘው መጥተው "እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ" አሉኝ። በርጩማ ሰጠኋቸው። ለካ ቀጠሮው የድሮ ጎረቤቶች የሚገናኙበትም ሆኗል። ደም ሰጥተው ሲጨርሱ ቡናው ጋ ተሰብስበው ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሱም።

የደም ባንክ ነርሶችንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜያችሁን ትሰጡናላችሁ። የሚፈራውን እጁን ይዛችሁ እያወራችሁ ሳያውቀው የምትጨርሱለት እናንተ ናችሁ። ተመርምሮ አንድ ነገር ሲገኝበት ደግሞ ለብቻው ጠርታችሁ፣ ክብሩን ጠብቃችሁ፣ ወደ ሕክምና የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ይህን ማንም አያይላችሁም፣ እኔ አይቻለሁ።

እህቴ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። ተነሺ አልላትም፣ ታፍራለች። ልጇም አብሯት አለ።

ከዚህ ሽልማት ጋር የተሰጠኝን ገንዘብ ለስልክ ካርድ ነው የማደርገው፣ ደብተሩ ብዙ ሰው አለበት። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች መደወሉን እናግዝሽ ብለውኛል፣ ከሚቀጥለው ወር ደብተሩን ለሦስት እንካፈለዋለን። ከእናንተም ለመደወል ፈቃደኛ የሆነ ካለ ስንወጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የሚያስፈልገው ቀና ድምፅና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መኪናው አራት ኪሎ ቡናዬ ፊት ለፊት ይቆማል። ዕድሜያችሁ ከ18 በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ ኑ። ባዶ ሆዳችሁን እንዳትመጡ፣ ቁርስ ብሉ፣ ውሃ በደንብ ጠጡ። ሰጥታችሁ የምታውቁ፣ ሦስት ወር የሞላችሁ፣ እኔ እስክደውል አትጠብቁኝ። ቡናውን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ አፈላለሁ።

አመሰግናለሁ።