የሳምንት አስቤዛና የቅዳሜ ማብሰያ፦ ለአራት ሰው፣ አንዷ ሯጭ

ልምምድ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፤ ረጅሙ ሩጫ እሁድ ጠዋት። ረቡዕና ዓርብ ጾምም ዕረፍትም ነው።

ከአትክልት ተራ
ቀይ ሽንኩርት 5 ኪሎ፣ ድንች 3፣ ቲማቲም 2፣ ካሮት 1፣ የአበሻ ጎመን 4 እስር፣ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ ዝንጅብል ሩብ፣ ቃሪያ ሩብ፣ ሎሚ ግማሽ። ሙዝ 3 ኪሎ፣ ግማሹ ያልበሰለ ይሁን፤ አለዚያ ሐሙስ ሳይደርስ ይጠቁራል።

ከእህልና ከሱቅ
የጤፍ ዱቄት 8 ኪሎ፣ ምስር ክክ 1፣ ሽሮ 1፣ ቅንጬ 1፣ በሶ 1፣ ሩዝ 1፣ ኦቾሎኒ ግማሽ፣ ፓስታ 2 እሽግ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ወተት 5 ሊትር፣ እንቁላል 20። የበሬ ሥጋ 2 ኪሎ። በርበሬና ቅቤ ቤት አለ።

እንጀራ
ሊጡ ሐሙስ ማታ 4 ኪሎ፣ እሁድ ማታ 4 ኪሎ ይቦካል። ቅዳሜና ማክሰኞ ይጋገራል፣ በየጊዜው 24 ገደማ። ሁሉም በአንዴ ከተጋገረ አራተኛው ቀን ላይ ይሻግታል። ትኩሱ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ አይደራረብ፤ ላቡ ነው የሚያሻግተው።

ቁሌት (ቅዳሜ ከሰዓት)
4 ኪሎ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና ያለ ዘይት ይቁላላ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያለ ሙቅ ውሃ። ውሃውን ጨርሶ ወርቅማ ሲመስል ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ቀጥሎ ሩብ ኪሎ በርበሬ። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት በዝግታ፤ ከተቸኮለ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ እሳቱ ከበዛ ይመራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨረሻ።

ቅቤ ሳይነካው ለሦስት ይከፈል! አንዴ ቅቤ ከገባ የረቡዕ ወጥ የለም።
አንዱ ለምስሩ፦ ግማሹ ፍሪጅ ለረቡዕ፣ ግማሹ ፍሪዘር ለዓርብ።
ሁለተኛው ለሥጋው፣ ቅቤና ኮረሪማ እዚያ ብቻ፤ የሰኞው ፍሪጅ፣ የሐሙሱ ፍሪዘር።
ሦስተኛው በአራት ፌስታል ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቀዝቅዝ፤ ሽሮ በዕለቱ ከዚያ ይሠራል። ሽሮ አስቀድሞ መሥራት አያዋጣም፣ ይጠጥራል።

የድንችና ካሮት አልጫ እስከ ማክሰኞ ይበላ፤ ድንች ፍሪዘር ከገባ ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል። ትኩስ ድስት ፍሪጅ አይገባም፣ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ በሰፊ ትሪ ቶሎ ይበርዳል።

ለሯጯ
ከልምምድ በፊት ሙዝ፣ ወይም አራት ማንኪያ በሶ በግማሽ ሊትር ውሃ ከማርና ከቁንጥር ጨው ጋር። ስትመለስ ቅንጬ በወተት፣ 2 እንቁላል። በጾም ቀን አንድ ጭልፋ ምስር ተጨማሪ፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ይጨመቅ፤ ሻይ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቅ፣ ብረቱን ያስቀርባታል።

ቅዳሜ ማታ ለእሷ ፓስታ በቲማቲም። ሽሮና ጎመን እሁድ መንገድ ላይ ሆዷን ያስቸግራታል፤ ሌሎቻችን የቀረውን እንጨርሳለን።