ሰማዩን ማን ቀባው?

ነይ ሚጡዬ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ በይ። ሰማዩን ማን ቀባው አልሽኝ አይደል? ማንም አልቀባውም። ከዚህ ከሱሉልታ ተነስተሽ እንጦጦ ጫፍ ብትወጪም፣ እጅሽን ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም አታገኚም።

ቆይ፣ የውሃ ጎማውን ልክፈተው። ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ። ጣቴን አፉ ላይ ስጭነው ውሃው እንደ ካፊያ ተበተነ፣ አየሽ? ያውልሽ የማርያም መቀነት! ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ቀለሞቹ ከውሃው አልመጡም። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነበሩ። ተደባልቀው ስለሚመጡ ነው ነጭ የሚመስሉን።

አሁን በራችን ላይ ያለውን ኮብልስቶን አስቢ። አሸዋ የጫነው መኪና በላዩ ዝም ብሎ ያልፋል። ያንቺ ትንሽዬ ኳስ ግን ድንጋዩን ስትነካ ወዲያ ወዲህ ትነጥራለች። አየርም በዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ነገሮች ነው የተሠራው። ቀዩ ብርሃን እንደ መኪናው ነው፣ አብዛኛው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሰማያዊው እንደ ኳስሽ እየነጠረ በየቦታው ይበተናል። ስለዚህ ወደየትም ቀና ብትዪ ወደ ዓይንሽ የሚመጣው እሱ ነው። ፀሐይዋን ራሷን ግን አፍጥጠሽ እንዳታዪ፣ እሺ?

ማታስ ለምን ይቀላል? ጎበዝ! ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰን። ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ያልቃል፣ ቀዩ ይደርሳል። ጨረቃ ላይማ አየር ስለሌለ ቀንም ሰማዩ ጥቁር ነው።

በይ ጎማውን ስጪኝ፣ ጫማዬን አበሰበስሽው!