ከማስገባታችን በፊት፦ የቡና ማድረቂያ አልጋና የሥልጠና በጀት ማጣሪያ

ይህ ማጣሪያ በጎማና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ላሉ ቡና አምራች አባሎቻችን ለተዘጋጀው የ12 ወር በጀት ነው። ሰነዱ የሚገባው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ ማጣራቱ ሐሙስ ጠዋት ይጀመር። በጀቱን ያዘጋጀ ሰው አያጣራው፤ የራሱን ቁጥር የሚያነበው እንደጻፈው ሳይሆን እንዳሰበው ነው። ሰንጠረዡ ይታተም፤ በእርሳስና በካልኩሌተር ይሠራ።

ስሌት

☐ እያንዳንዱ ረድፍ እንደገና ተባዝቷል? የአጋሮው ሥልጠና አበል 60 ሰው × 3 ቀን × 350 ብር = 63,000 ብር ነው። ሥልጠናው በሁለት ዙር ቢሰጥም በየዙሩ የሚገቡት 30 ሰዎች ናቸው። 60ውን እንደገና በ2 ያባዛ 126,000 ብር ያገኛል፤ ቁጥሩ ደግሞ ለዓይን ምንም አያጠራጥርም።

☐ የድምር ቀመሩ የመጨረሻውን ረድፍ ይዟል? የአልጋው ክፍል ከረድፍ 6 እስከ 19 ነው። የሽቦ መረቡ በመጨረሻ የተጨመረ ረድፍ ስለሆነ በተለይ እርሱ ይታይ።

```
=SUM(F6:F19)
=COUNT(F6:F19)
```

ሁለተኛው ቀመር 14 ካልሰጠ፣ ባዶ የቀረ ወይም ቁጥር መስሎ ጽሑፍ የሆነ ሕዋስ አለ። «4,500 ብር» ተብሎ በእጅ የተጻፈ ሕዋስ አይደመርም፤ ስህተት መሆኑንም አይነግርም።

☐ የሩብ ዓመቶቹ ድምር ከወጪ ርዕሶቹ ድምር ጋር እኩል ነው? የአንድ ብር ልዩነት እንኳ ምክንያቷ ይፈለግ።

☐ ደመወዝ በ12 ወር ተባዝቷል? ጳጉሜን 13ኛ ደመወዝ የላትም። ድጋፍ ሰጪው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሠራ በሐምሌ የሚጀምረው የእኛ በጀት ዓመት ሩብ ዓመቶች እንዳሉ ተገልብጠው እንዳይገቡ።

☐ የአስተዳደር ወጪው 10% የተሰላው በቀጥተኛ ወጪው ላይ ነው? ከ1,500,000 ብር 150,000 ይሆናል፤ ጠቅላላው 1,650,000 ብር ነው። 165,000 የሚል ከተገኘ መቶኛው የተወሰደው ከጠቅላላው ላይ ነው።

ሁለት ጊዜ የተቆጠረ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። የስሌት ስህተት እንደ ቸልተኝነት ይታለፍ ይሆናል፤ አንድን ወጪ ሁለት ቦታ መጻፍ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

☐ የአዳራሹ ዋጋ ምሳንና ሻይ ቡናን የሚያካትት ከሆነ፣ ለዚያው ቀን ሙሉ አበል ተይዟል?

☐ የመኪና ኪራዩ ከነሾፌሩና ከነነዳጁ ነው? ከሆነ የነዳጁ ረድፍና የሾፌሩ አበል ይውጡ።

☐ አስተባባሪው በግማሽ ጊዜ ከ18,000 ብር ደመወዝ በዓመት 108,000 ብር ተይዞለታል። ያው ሰው «የቢሮ ሠራተኞች» በሚል በአስተዳደር ወጪው ውስጥ ተደግሟል? በሌላ ፕሮጀክት የሚከፈለው ድርሻስ ሲደመር ከ100% አይበልጥም?

☐ የተጨማሪ እሴት ታክስ በፕሮፎርማው ውስጥ አለ? 15% ያካተተ 115,000 ብር ላይ ታክሱ 15,000 ነው። በላዩ ላይ ሌላ 17,250 የጨመረ ለታክሱ ታክስ ከፍሏል።

☐ አባላት በጉልበት የሚያዋጡት የእንጨት ሥራ በማኅበሩ ድርሻ ዓምድ ብቻ ነው? ለአናጺ ክፍያ ከተጠየቀ፣ ያው ሥራ መዋጮ ሊባል አይችልም።

የተረሳ ወጪ

☐ ለአስተባባሪው የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11%፦ በ108,000 ብር ላይ 11,880 ብር። የሠራተኛው 7% ከደመወዙ ስለሚቀነስ ለብቻው ረድፍ አይያዝለትም።

☐ የሽቦ መረቡ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ይመጣል። ጭነቱ ተይዟል? ጅማ ሲደርስ ጫኝና አውራጅስ? ከጅማ ወደ ቀበሌዎቹ የሚወስደው ሁለተኛው መኪናስ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አልጋዎቹ ለቀማ ሳይጀመር መድረስ ስላለባቸው ማጓጓዣው ክረምት ላይ ይወድቃል፤ የጭነት ዋጋውም የጭቃ መንገድ ዋጋ ይሁን፣ የበጋውን አትጻፉ።

☐ የሥልጠና ጽሑፉ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚተረጎምበትና የሚታተምበት።

☐ ምስማር፣ የሸራ መሸፈኛ፣ የመጋዘን ጥበቃ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ የኦዲተር ክፍያ። ትንንሽ ናቸው፤ ሲደመሩ ግን ከማኅበሩ ካዝና ይወጣሉ።

☐ ፕሮፎርማዎቹ የሚጸኑበት ቀን አላለፈም?

ከእርማት በኋላ

☐ አንድ ቁጥር ከተስተካከለ፣ ጠቅላላው በሽፋን ደብዳቤው፣ በማጠቃለያ ገጹና በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ነው? በፊደል የተጻፈው «አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ» አብሮ ካልተቀየረ ሰነዱ ከራሱ ጋር ይጣላል።

☐ የድሮዎቹ ቅጂዎች ወደ ሌላ ማህደር ተዛውረዋል? የሚላከው ፋይል ተከፍቶ፣ በእርሳስ ከታረመው ወረቀት ጋር ገጽ በገጽ ከተመሳከረ በኋላ ብቻ ይላክ።