የዲስክሪት ማቲማቲክስ ማጠቃለያ ፈተና የአራት ሳምንት የክለሳ ዕቅድ

ይህ ዕቅድ የተዘጋጀው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚመላለሰው የጥናት ቡድናችን ሲሆን፣ ፈተናው ሰኔ 16 ስለሚሰጥ ክለሳው ግንቦት 17 ይጀመራል። የታክሲ ሰልፉ ስለሚያስመሸን በሥራ ቀናት የምናጠናው ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሎጂክ፣ ስብስቦችና ፈንክሽኖች በፍጥነት ይከለሳሉ።

ከግንቦት 24 ጀምሮ ሪሌሽንና ኢንዳክሽን ይቀጥላሉ። በኢንዳክሽን መነሻውን መፈተሽ ስለሚዘነጋ፣ 2ⁿ > n² የሚለውን እያንዳንዱ አባል በራሱ ያረጋግጥ፤ n 2፣ 3 ወይም 4 ሲሆን አባባሉ ስለማይሠራ ማረጋገጫው የሚነሳው ከ5 ነው።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰኔ 1 እስከ 7፣ ለቆጠራ ብቻ ተይዟል። ከ10 ተማሪዎች 3 አባላት ያሉት ኮሚቴ በ120 መንገድ ይመረጣል፤ ሦስቱ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ከተባሉ ግን ቅደም ተከተሉ ስለሚቆጠር ቁጥሩ 720 ይሆናል። ጥያቄው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ሳይለዩ ቀመር መጻፍ ክልክል ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ሪከረንስ ሪሌሽንና ግራፍ ቲዎሪ ይመጣሉ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ክፍል ነው። aₙ = 5aₙ₋₁ − 6aₙ₋₂ ሲሰጥ r² − 5r + 6 = 0 ተፈትቶ 2 እና 3 ይገኛሉ፤ ስለዚህ አጠቃላይ መፍትሔው aₙ = A·2ⁿ + B·3ⁿ ሲሆን A እና B ከመነሻ እሴቶቹ ይወሰናሉ። በግራፍ በኩል የኦይለር ዑደት ይቀድማል፣ K₅ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ መስመሮቹ ሳይቆራረጡ የማይሣልበት ምክንያት ይከተላል።

ሰኔ 15 ያለፈ ዓመት ፈተና በሰዓት ተይዞ ይሠራል።