ስለ መድን ሽፋን ለደንበኛ ምን ቃል ይገባል፣ ምን አይገባም

ለ፦ የቱሉ ዲምቱ ቅርንጫፍ የሽያጭ ወኪሎች በሙሉ
ከ፦ የውል ክፍልና የካሳ ክፍል
መስከረም 2018 ዓ.ም.

ካሳ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚጀምረው ሽያጭ ላይ «ሙሉ ኢንሹራንስ ነው፣ ምንም አታስብ» የተባለ ዕለት ነው። «ሙሉ» የሚል ቃል በውላችን ውስጥ የለም። ስለዚህ ከአፋችሁም አይውጣ።

ኮምፕርሄንሲቭ የምንለው የተሽከርካሪ ውል ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትን፣ ስርቆትንና በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳትን ይይዛል። ይህን በድፍረት ተናገሩ። ከአገልግሎት ብዛት የመጣ እርጅና፣ ዘይት ጨርሶ የነከሰ ሞተር፣ ሌላ አደጋ ሳይኖር ብቻውን የፈነዳ ጎማ ግን አይካሱም። ሲኖትራኩ ጋራዥ ቆሞ የቀረ ገቢም እንዲሁ፤ የገላንና የዱከም ጫኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ ሳትጠየቁ ንገሯቸው። ወደ ጅቡቲ ለሚመላለስ ባለመኪና «ቢጫ ካርድ አለህ፣ አትሥጋ» አይባልም። ቢጫ ካርዱ በጎረቤት አገር ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው እንጂ ለራሱ መኪና አይደለም።

በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የክፍያ ጣሪያ አለው። ጣሪያውን በቃል አትጥሩ፤ በሥራ ላይ ካለው ሰነድ አውጥታችሁ አሳዩ። ከዚያ በላይ የሚመጣው ዕዳ የባለንብረቱ መሆኑንም አብራችሁ ተናገሩ።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት አረቦን ለማሳነስ ሲባል የንብረትን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ደንበኛው ይደሰታል፣ እናንተም ሽያጩን ታገኛላችሁ፤ ዋጋውን የሚከፍለው አደጋ የደረሰ ቀን ነው። ዛሬ ገበያ ላይ 4,000,000 ብር የሚያወጣ አይሱዙ በ2,500,000 ብር ተመዘገበ እንበል። የ800,000 ብር ጉዳት ሲደርስበት በዋስትናው ልክ ተሰልቶ የሚታሰብለት 500,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል። ከዓመታት በፊት የተገዛበትን ዋጋ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሠርታችሁ አሳዩት። በእድሳት ጊዜም ያለፈውን ዓመት ዋጋ ዝም ብላችሁ አትገልብጡ። ተቀናሹን ደግሞ «ትንሽ ነገር ናት» ብላችሁ አትለፉት፤ በብር ስንት እንደሚሆን ንገሩት።

«ማንም ቢነዳው ችግር የለም» የተከለከለ አነጋገር ነው። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈበት ወይም ደረጃው ለመኪናው ካልበቃ ካሳው ሊከለከል ይችላል። የቤት መኪና ተብሎ ተመዝግቦ የኪራይ ወይም የራይድ ሥራ የሚሠራውም ያው ነው። ሊብሬውንና መኪናው በተግባር የሚሠራውን አስተያዩ፤ ባለቤቱ «አልፎ አልፎ ነው» ቢልም ቅጹ ላይ ይጻፍ።

ለሱቅና ለመጋዘን፦ የእሳት ውል ጎርፍን በራሱ አይጨምርም። በአቃቂ ወንዝ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ላለ ደንበኛ ጎርፍን ለይታችሁ አቅርቡ። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋንም ለብቻው ይገዛል፤ «እሱም ውስጡ አለ» አትበሉ። የዝርፊያ ውላችን በር ወይም ጣሪያ ተሰብሮ መገባቱን ይጠይቃል። ቁልፍ የያዘ ሠራተኛ ዕቃ ይዞ ቢሰወር የሚመለከተው የሠራተኛ ታማኝነት ዋስትና ነው። ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ የተደረደረ ብረትና ሲሚንቶ ውሉ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ እንዳለ አትቁጠሩት።

ሽፋን የሚጀምረው ደረሰኙ ተቆርጦ ውሉ ከወጣ በኋላ ነው። «ከአሁን ጀምሮ ገብተሃል» ብላችሁ በስልክ አታረጋግጡ። ገንዘብ በግል የቴሌብር ቁጥር አትቀበሉ፤ ከኮሚሽናችሁ ቆርጣችሁም ለደንበኛ አትመልሱ።

የካሳ ቀንና መጠን ላይ ምንም ቃል አትግቡ። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ «አደጋ ሲደርስ ወዲያው ደውል፤ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቅ። ሰው ከተጎዳ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ከተጋጨህ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ያዝ። ገማች ሳያየው ጥገና አታስጀምር። ካሳውን የሚወስነው ካሳ ክፍል ነው።»

የመድን ጥያቄ ቅጹን ደንበኛው ራሱ ይሙላ። ማንበብ የማይችል ከሆነ እያነበባችሁ ሙሉለት፤ ማን እንዳነበበለት ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ እሱም ይፈርም። ያለፈውን አደጋ «ይህን ተወው» ብላችሁ ማስዘለል እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፤ ውሉንም ሊያፈርሰው ይችላል።

ያልተፈቀደ ቃል የገባችሁለት ደንበኛ ካለ በዚያው ቀን ስሙንና የውል ቁጥሩን ጽፋችሁ ለውል ክፍል አምጡ። አደጋ ሳይደርስ ከታወቀ ተጨማሪ ሽፋን መሸጥ ወይም ለደንበኛው እርማቱን በደብዳቤ ማሳወቅ ይቻላል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ግን ውሉን በማሻሻያ ወደ ኋላ ማስተካከል አይቻልም።